በኖር ላች ላይ S እና R ሁለቱም 1 ሲሆኑ ምን ይሆናል?

ጥያቄ፦ «በሁለት ኖር ጌት ላች ሠርቼ S እና R ሁለቱንም 1 አደረግኳቸው። ሁለቱም ኤልኢዲዎች ጠፉ እንጂ የተቃጠለ ነገር የለም። ሁለቱን ቁልፎች እንደተጫንኩ የጋራውን የ5 ቮልት ሽቦ ስነቅል ደግሞ ሁልጊዜ የሚበራው Q ነው። ታዲያ መጽሐፉ ለምን የተከለከለ ይለዋል? ኢነብል ያለው ላችስ እንዴት ነው የሚያስቀረው?»

ምላሽ፦

«የተከለከለ» የሚለው ቃል በእኔ አስተያየት ብዙ ተማሪ አሳስቷል፤ ቃሉን የሰማ ሰው ጭስ ይጠብቃል፣ ጭስ ሲያጣ ደግሞ መጽሐፉን ይጠራጠራል። ቺፑ ለዚህ ግቤት ምንም ቅሬታ የለውም። ከሁለቱ ግቤቶቹ አንዱ እንኳ 1 የሆነ ኖር ጌት 0 ማውጣት አለበት፤ የእርስዎ ጌቶችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ክልከላው የሚመለከተው ጌቱን ሳይሆን ላቹን ነው፤ ማለትም እነዚህን ሁለት ጌቶች አገናኝተን «አንድ ነገር ያስታውሱልናል» ብለን የገባነውን ውል ነው። ውሉ በሁለት ቦታ ይፈርሳል። አንደኛው እርስዎ ያዩት የሁለቱ ኤልኢዲዎች መጥፋት ሲሆን ሁለተኛውና ዋናው ግን ሽቦውን በነቀሉባት ቅጽበት የሆነው ነው፤ እሱን ደግሞ ኤልኢዲ አያሳይም።

ነገሩን ለማየት ሁለተኛውን ውጤት ገና ከመነሻው «የQ ተቃራኒ» ብለን አንጥራው። መጽሐፎች በላዩ ሰረዝ ያለበት Q አድርገው ይጽፉታል፤ ያ ሰረዝ ገና ያልተረጋገጠውን ነገር እንደተረጋገጠ አድርጎ ያሳያል። ለጊዜው P እንበለው። እንግዲህ ላቹ ከእነዚህ ሁለት መስመሮች ሌላ ምንም አይደለም፦

```
Q = NOT (R OR P)
P = NOT (S OR Q)
```

S ብቻ 1 ሲሆን P የግድ 0 ይሆናል፤ Q ን የሚያወጣው የላይኛው ጌት R 0፣ P 0 ስለሚያገኝ Q 1 ይሆናል። R ብቻ 1 ሲሆን የዚህ ግልባጭ ነው። ሁለቱም 0 ሲሆኑ እኩልታዎቹ «Q የP ተቃራኒ ነው፣ P የQ ተቃራኒ ነው» ወደሚል ይወርዳሉ፤ ይህ በሁለት መንገድ ሊሟላ ስለሚችል ላቹ ቀድሞ በነበረበት ይቆያል፤ ማስታወስ የምንለውም ይኸው ነው። ልብ ይበሉ፤ በእነዚህ ሦስት ሁኔታዎች P የQ ተቃራኒ የሆነው ማንም ስላዘዘው ሳይሆን ስሌቱ ስላደረሰበት ነው። S እና R ሁለቱም 1 ሲሆኑ ስሌቱ ወደዚያ አያደርስም፤ Q 0 ነው፣ P ም 0 ነው፤ ሰረዙ ውሸት ሆነ። እርስዎ ያዩት ይህንን ነው። ከP ላይ «የQ ተቃራኒ» ብሎ ምልክት የሚወስድ ሌላ ሰርኪዩት ካለ ደግሞ ሁለት የሚጋጩ ትእዛዞች ይደርሱታል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ጣል ላድርግ። የኖር ጌት ቺፑ 74HC02 የፒን አቀማመጡ ከናንድ ጌት ቺፑ ከ74HC00 የተለየ ነው፤ የመጀመሪያው ጌት ውጤት ፒን 1 ላይ ሲሆን ግቤቶቹ ፒን 2 እና 3 ናቸው። በ74HC00 ልማድ ፒን 3ን ውጤት አድርጎ የዘረጋ ሰውም ሁለቱ መብራቶች ጠፍተው ሊያገኛቸው ይችላል። የእርስዎ ላች S ብቻውን ሲጫን Q፣ R ብቻውን ሲጫን ደግሞ P የሚያበራ ከሆነ አዘረጋጉ ትክክል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ሁለቱም 1 እስከሆኑ ድረስ ሁኔታው እንግዳ ቢሆንም የተረጋጋና ቁርጥ ያለ ነው። ችግሩ የሚመጣው ስንለቃቸው ነው፤ አለቃቀቁም ሁለት ዓይነት ነው። በመጀመሪያ R ለቆ S ትንሽ ቢዘገይ ግቤቱ «S ብቻ 1» ወደሚለው የታወቀ ሁኔታ ስለሚለወጥ Q 1 ይሆናል፤ S ቀድሞ ከለቀቀ Q 0 ሆኖ ይቀራል። በአጭሩ፣ ዘግይቶ የለቀቀ ያሸንፋል። መዘግየቱ ምን ያህል ይብቃ ከተባለ፣ ምልክቱ ሁለቱን ጌቶች አዳርሶ እስኪመለስ ድረስ ነው። 74HC02 በ5 ቮልት ሲሠራ የአንድ ጌት መዘግየት እንደ ወትሮው 7 ናኖ ሰከንድ ገደማ ስለሆነ 14 ናኖ ሰከንድ ያህል በቂ ነው። የሰው ሁለት ጣቶች ከሁለት ቁልፎች ላይ ሲነሡ ልዩነታቸው በሚሊ ሰከንድ ነው፤ 1 ሚሊ ሰከንድ ደግሞ አንድ ሚሊዮን ናኖ ሰከንድ ነው። ስለዚህ ቁልፎቹን በጣት እየለቀቁ ዓመት ሙሉ ቢሞክሩም የተከለከለውን ነገር አያገኙትም፤ የሚያገኙት የትኛው ጣትዎ እንደዘገየ ብቻ ነው።

ሁለተኛው አለቃቀቅ S እና R አብረው 0 የሚሆኑበት ነው። በዚያች ቅጽበት Q እና P ሁለቱም 0 ናቸው፤ እያንዳንዱ ጌት በሁለቱም ግቤቱ 0 ያያልና ሁለቱም ወደ 1 መነሣት ይጀምራሉ። መዘግየታቸው ፍጹም እኩል ቢሆን ከ7 ናኖ ሰከንድ በኋላ ሁለቱም 1 ይሆናሉ፤ እያንዳንዳቸው የባልንጀራቸውን 1 አይተው በ14ኛው ናኖ ሰከንድ ሁለቱም ወደ 0 ይመለሳሉ፤ በ21ኛው እንደገና ይነሣሉ። ለቅሶ ቤት በር ላይ የተገናኙ ሁለት ሽማግሌዎችን ያስቡ፤ «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «ኧረ በፍጹም፣ እርስዎ» ይባባሉና አብረው ይራመዳሉ፣ ተያይተው አብረው ወደ ኋላ ይላሉ፤ በሩ ላይ ግን ማንም አላለፈም። በወረቀት ላይ ይህ ማለቂያ የለውም።

በእውነተኛ ቺፕ ላይ ሁኔታው ከዚህ ለስለስ ያለ ነው። የጌት ውጤት ከ0 ወደ 5 ቮልት ዘሎ አይወጣም፤ ተዳፋት ላይ እንደሚሄድ ሰው ቀስ እያለ ይነሣል። ስለዚህ ሁለቱ ውጤቶች አብረው ሲነሡ መሐል ላይ፣ በ2.5 ቮልት አካባቢ ይገናኙና እዚያው ይንጠለጠላሉ፤ 1ም 0ም አይደሉም። ይህን ሜታስቴብል እንለዋለን። ከዚያ በኋላ የሚወስነው በሁለቱ መካከል ያለው ጥቂት ልዩነት ነው፤ አንዱ ጥቂት ሚሊ ቮልት ከበለጠ፣ ብልጫው በቀለበቱ ውስጥ በዞረ ቁጥር እየተባዛ ይሄድና አንዱ ወደ 5 ቮልት፣ ሌላው ወደ 0 ይወድቃል። ብልጫው ትልቅ ከሆነ ፍርዱ ወዲያው ይሰጣል፣ ትንሽ ከሆነ ይዘገያል። እጅግ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ፍርዱን የሚሰጠው የሙቀት ጫጫታ ነው፤ ያኔ ውጤቱ ብቻ ሳይሆን ውጤቱ የሚመጣበት ጊዜም አይታወቅም። ይህን ያህል ጊዜ ብጠብቅ በእርግጠኝነት ይለይለታል የሚባል ገደብ የለም፤ ማለት የሚቻለው የጠበቅን መጠን እንደተንጠለጠለ የመቆየቱ ዕድል በፍጥነት እየመነመነ እንደሚሄድ ብቻ ነው።

እንግዲህ የእርስዎ ላች ለምን ሁልጊዜ ወደ Q ያደላል? ሁለቱ ቁልፎች ተጭነው ሳለ የS እና የR መስመሮች በቁልፎቹ በኩል እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው። የጋራው ሽቦ ሲነቀል ሁለቱ መስመሮች ወደ መሬት በሚያወርዷቸው ሬዚስተሮች በኩል አንድ ላይ ይወርዳሉ፤ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮችና የብሬድቦርዱ ጥቂት ፒኮ ፋራድ ባሉበት ይህ አወራረድ በጌቱ ዓይን ዝግተኛ ነው፤ መቶ ናኖ ሰከንድንም ሊያልፍ ይችላል። ሁለቱ ጌቶች ግን በቺፑ ውስጥ መንትያ ቢሆኑም ፍጹም አንድ አይደሉም፤ «አሁን 0 ሆነ» የሚሉበት ቮልቴጅ በጥቂት ሚሊ ቮልት ይለያያል። መስመሩ ቀስ ብሎ ሲወርድ ይህች ልዩነት ወደ ጊዜ ልዩነት ትለወጣለች፤ በውጤቶቹ ላይ የሰኩት ኤልኢዲና የሽቦው ርዝመትም የየራሳቸውን ይጨምራሉ። በእርስዎ ቺፕ ላይ የዚህ ሁሉ ድምር የላይኛውን ጌት ትንሽ ያስቀድመዋል ማለት ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች እኩል ትሑት አልነበሩም።

ይህን ራስዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። ከQ ወደ መሬት የ1 ናኖ ፋራድ ካፓሲተር ይሰኩና ሽቦውን እንደገና ይንቀሉ። የQ አነሣሥ በአሥር ቤት በሚቆጠር ናኖ ሰከንድ ስለሚዘገይ P ይቀድመዋል፤ በአብዛኛው የሚበራው P ይሆናል። ካፓሲተሩን ወደ P ቢያዛውሩት ወደ Q ይመለሳል። ወይም ካፓሲተሩን ትተው ላቹን በዚያው ቺፕ ፒን 8 እስከ 13 ባሉት ሁለት ጌቶች ይሥሩት፤ ማድላቱ ሊገለበጥም ላይገለበጥም ይችላል። «ሁልጊዜ ወደ Q ይሄዳል» የሚለው እንግዲህ የላቹ ጠባይ ሳይሆን የዚያ አንድ ቺፕ፣ የዚያ አዘረጋግና የዚያ ቀን ሙቀት ጠባይ ነው። ሥዕሉ ላይ አልተጻፈም፤ አምራቹም ቃል አልገባበትም። አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ ፈጽሞ የዘፈቀደ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን በታወቀ ነበር። አንድ ወገን የሚያዳላ ላች ግን ፈተናውን አልፎ፣ ሥራ ላይ ውሎ፣ ቺፑ በተቀየረ ቀን ይገለበጣል።

በእኔ ላይ የደረሰውን ልንገርዎት። ፒያሳ አካባቢ ለሚገኝ አንድ ሕንፃ ከዓመታት በፊት የጣሪያ ታንከር መቆጣጠሪያ ሠርቼ ነበር። ታንከሩ ውስጥ ሁለት ተንሳፋፊ ስዊቾች አሉ፤ የታችኛው ውሃ ሲያንስ S ን 1 አድርጎ ፓምፑን ያስነሣል፣ የላይኛው ታንከሩ ሲሞላ R ን 1 አድርጎ ያቆመዋል። ውሃ በአንድ ጊዜ ጎዶሎም ሙሉም ሊሆን ስለማይችል «ሁለቱም 1» የሚባለው ነገር አይመጣም ብዬ ተራ ኖር ላች አስገባሁ። Q ፓምፑንና አረንጓዴ መብራት፣ P ደግሞ «ቆሟል» የሚል ቢጫ መብራት ይነዱ ነበር።

አንድ ቀን የሕንፃው ዘበኛ ደወለና «ጋሼ፣ መብራት ሄዷል መሰለኝ፣ ሣጥኑ ላይ ሁለቱም ጠፍተዋል» አለኝ። የኮሪደሩ መብራት ይበራል ወይ ብለው «እሱማ ይበራል» አለ። ያኔ ገባኝ። የታችኛው ተንሳፋፊ ገመዱ በቧንቧው ላይ ተጠምጥሞ ውሃ ቢኖርም ባይኖርም ተዘግቶ ቀርቷል፤ S ዘወትር 1 ነው። ታንከሩ ሲሞላ R ም 1 ይሆንና Q እና P ሁለቱም 0 ይሆናሉ። ፓምፑ ቆሟል፤ ይህ በደህና ነው፤ የሚያሳየው መብራት ግን የለም። ሰው ትንሽ ውሃ ሲቀዳ R ይለቃል፣ S አልለቀቀምና ያሸንፋል፣ ፓምፑ ይነሣል፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ደግሞ ይቆማል። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሲነሣና ሲቆም ውሏል።

እስከዚህ ድረስ የሆነው ሁሉ ሊተነበይ የሚችል ነበር። የባሰው ማታ መጣ። ለሁለቱ ተንሳፋፊዎች 5 ቮልት የሚወስደው የጋራ ሽቦ ብሎኑ ላልቶ ኖሮ፣ ታንከሩ ሞልቶ ሳለ ተላቀቀ፤ S እና R አብረው 0 ሆኑ። ይህ እርስዎ ሽቦውን እንደነቀሉት ነው። ያ ላች ደግሞ ወደ Q አደላ። ፓምፑ ተነሣ፣ የሚያቆመው R ከሽቦው ጋር ሄዷል፤ ውሃው በደረጃው ወረደ። የእኔ ጥፋት «ሁለቱም 1 አይመጣም» ማለቴ ነበር። ሁለቱን ግቤቶች ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች የሚያመነጯቸው ከሆነ አንዱ የሚበላሽበት ቀን መምጣቱ አይቀርም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ። ኢነብል ያለው ላች ሲባል ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚታየው ሥዕል ከS እና ከR ፊት አንዳንድ AND ጌት ቆሞ ሁለቱም E የሚባል የጋራ ግቤት የሚይዙበት ነው፤ E 0 ሲሆን የS እና የR መንገድ ይዘጋል። ይህ ሥዕል ብቻውን ችግሩን ያስቀራል ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው፤ አያስቀርም። E 1 ሆኖ S እና R ሁለቱም 1 ቢሆኑ ውስጥ የሚገባው ያው 1 እና 1 ነው። እንዲያውም ነገሩን ያከፋዋል እላለሁ። በጣት ሲለቀቁ ሚሊ ሰከንድ ይለያዩ የነበሩትን ሁለት ምልክቶች አሁን E በአንድ ስለታም ጠርዝ አብሮ ይዘጋቸዋል። ሁለቱ AND ጌቶች በአንድ 74HC08 ቺፕ ውስጥ ያሉ ጎረቤታሞች ስለሆኑ የሚዘጉበት ጊዜ ልዩነት ከአንዱ ጌት መዘግየት በእጅጉ ያነሰ ነው። በጣት ልናገኘው ያልቻልነውን ፍጹም መሳ ለመሳ አለቃቀቅ E በሠራ ቁጥር በነጻ ይሰጠናል።

የሚያስቀረው የሚቀጥለው እርምጃ ነው፤ R የሚባለውን የውጭ ግቤት ጨርሶ ማስወገድ። D የሚባል አንድ ግቤት ብቻ ይኖራል፤ ለS ወገን ራሱ፣ ለR ወገን ደግሞ በኢንቨርተር ተገልብጦ ይሰጣል፦

```
S = E AND D
R = E AND (NOT D)
```

D በአንድ ጊዜ 1 እና 0 ሊሆን ስለማይችል S እና R አብረው 1 የሚሆኑበት ግቤት ተጠቃሚው ሊሰጥ ከሚችለው ዝርዝር ውስጥ የለም። E 1 ሲሆን Q D ን ይከተላል፣ E 0 ሲሆን S እና R ሁለቱም 0 ሆነው የመጨረሻው ይያዛል። በዚህ ምትክ የተከፈለም ዋጋ አለ፤ «በነበርክበት ቆይ» ማለት ከዚህ በኋላ የሚቻለው በE ብቻ ነው። ገበያ ላይ 74HC373 ብለው ቢጠይቁ እንዲህ ያሉ ስምንት ላቾችን በአንድ ቺፕ ያገኛሉ።

መጽሐፎች አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ያቆማሉ። እኔ ግን ኢንቨርተሩም ራሱ ጌት መሆኑን ሳላስታውስ ማለፍ አልፈልግም፤ ጌት ከሆነ ደግሞ ይዘገያል። እያንዳንዱን ጌት 7 ናኖ ሰከንድ እንበልና E 1 ሆኖ D ከ0 ወደ 1 ሲለወጥ በሰዓት እንከተለው። D የተለወጠበትን 0 እንበል። በ7 S ወደ 1 ይነሣል። በዚያው በ7 የኢንቨርተሩ ውጤት ወደ 0 ይወርዳል፤ ይህ ወሬ ግን የR ን AND ጌት አልፎ R ን የሚያወርደው በ14 ነው። ስለዚህ ከ7 እስከ 14 ባለው ጊዜ ውስጥ S እና R ሁለቱም 1 ናቸው፤ የተከለከለው ግቤት በኋላ በር ገባ ማለት ነው። ያም ሆኖ ጉዳት የለውም፤ ምክንያቱም በ14 ላይ የሚለቀው R ብቻ ነው፤ S ይቆያል፣ ዘግይቶ የሚለቅ ያሸንፋልና በ21 Q 1 ይሆናል፤ እኛም የፈለግነው ይህንኑ ነበር። D ከ1 ወደ 0 ሲወርድ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ S በ7 ይለቃል፣ R የሚነሣው በ14 ነው፤ በመሐሉ ሁለቱም 0 ስለሆኑ ላቹ በነበረበት ይጠብቃል፣ Q የሚወርደው በ21 ነው፣ P የሚነሣው በ28።

ጉዳት የሚመጣው E በዚህ መሐል ቢዘጋ ነው። D ወደ 1 ከተለወጠ ከ7 ናኖ ሰከንድ በኋላ E ይዝጋ እንበል። R በኢንቨርተሩ ምክንያትም በE ምክንያትም በ14 ይወርዳል፤ S ም በE ምክንያት በ14 ይወርዳል። ሁለቱም 1 ነበሩ፣ አብረው ለቀቁ፤ ያው የሽማግሌዎቹ በር። E በ10 ቢዘጋ S ከR በ3 ናኖ ሰከንድ ብቻ ይዘገያል፤ ይህች ደግሞ ቀለበቱን ለማዳረስ አትበቃም። ከአደጋው ለመውጣት S ቢያንስ Q ተነሥቶ ወደ P ጌት እስኪመለስ፣ ማለትም እስከ 21 መቆየት አለበት፤ ለዚህም E መዘጋት ያለበት ከ14 በኋላ ነው። ለወራጁ D ደግሞ R እስከ 28 መቆየት ስላለበት E ን ከ21 በፊት መዝጋት አይገባም። ካታሎጎች «E ከመዘጋቱ በፊት D ይህን ያህል ጊዜ ረግቶ መቆየት አለበት» ብለው የሚጽፉት የሴትአፕ ጊዜ ምንጩ ይህ ነው፤ በእኛ ስሌት 21 ናኖ ሰከንድ። 7 የሚለው ቁጥር የተለመደው እንጂ የከፋው አይደለም፤ ለሚሸጥ ዕቃ ከሰንጠረዡ ከፍተኛውን ይውሰዱ። እንግዲህ በትክክል ከተናገርን D ላች የተከለከለውን ግቤት አላጠፋውም፤ ከግቤት ሰንጠረዥ አንሥቶ E በሚዘጋባት ጠባብ ቅጽበት ውስጥ አስቀምጦታል። ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ በሰዓት በሚመራ ሰርኪዩት ውስጥ ያችን ቅጽበት ማስጠበቅ የዲዛይነሩ ሥልጣን ነው። D ከውጭ፣ ከሰዓቱ ጋር ሳይተዋወቅ የሚመጣ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ ከቁልፍ ወይም ከተንሳፋፊ ስዊች፣ ሥልጣኑ የለንም፤ ስለዚህ እንዲህ ያለውን ምልክት ሁለት ፍሊፕፍሎፕ በተከታታይ አሳልፎ፣ የመጀመሪያው ቢንጠለጠል እንኳ አንድ ሙሉ የሰዓት ዙር የመርጊያ ጊዜ መስጠት የተለመደ ነው።

ለታንከሩ D ላች አይሆንም ነበር። «ጎደለ» እና «ሞላ» ሁለት ነጻ ምልክቶች ናቸው፤ በመሐላቸው ያለው ሰፊ ቦታ ደግሞ «በነበርክበት ቆይ» ነው፤ ይህን አንዱን የሌላው ግልባጭ በማድረግ ማግኘት አይቻልም። እዚያ ያደረግሁት S ን በR መዝጋት ነው፤ ወደ ላቹ የሚገባው S ራሱ ሳይሆን «S አለ፣ R ግን የለም» የሚለው ነው፦

```
S_ላች = S AND (NOT R)
R_ላች = R
```

አሁን ሁለቱም ተንሳፋፊዎች 1 ቢሉ ላቹ የሚያየው R ብቻ ነው፤ ፓምፑ ይቆማል፣ «ቆሟል» የሚለው መብራትም ይበራል። እዚህም ግን የኢንቨርተሩ መዘግየት ጉዳይ አለ። የጋራው ሽቦ ሲላቀቅ R ከS በጥቂት ናኖ ሰከንድ ቢቀድም S ን የዘጋው በር ለአፍታ ይከፈትና አጭር ምት ሾልካ ትገባለች። ስለዚህ እኩልነቱን ሆን ብዬ አፈረስኩት፤ በR መስመር ላይ ብቻ 10 ኪሎ ኦም በተከታታይና 100 ናኖ ፋራድ ወደ መሬት አስገባሁ፤ ይህ R ን በ1 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ያዘገየዋል። ሽቦው ቢላቀቅ S ከሄደ ከብዙ በኋላ ነው R የሚለቀው፤ ላቹ ሁልጊዜ «ቁም» ላይ ይቀራል። ውሃ 1 ሚሊ ሰከንድ ቢጠብቅ አይከፋውም። እንዲህ በዝግታ የሚወርድ ምልክት በቀጥታ ወደ 74HC02 መግባት ስለሌለበት ሁለቱም መስመሮች መጀመሪያ በ74HC14 ያልፋሉ፤ እሱ በመነሻና በመውረጃ መካከል ልዩነት አድርጎ ጠርዙን ይስለዋል፣ ስለሚገለብጥም የሚያስፈልገኝን NOT R እዚያው ሰጠኝ። በቺፑ ውስጥ ስድስት ስላሉ ለS ሁለት፣ ለR ሁለት ወስጄ ሁለት ተረፉ።

ይህ ሁሉ የተጠመጠመውን ተንሳፋፊ አያስተካክልም፤ R ሲለቅ ፓምፑ አሁንም ቶሎ ቶሎ ይነሣል። ስለዚህ S እና R ን ገና ከላቹ በፊት በAND ጌት አገናኝቼ ቀይ መብራት ሰጠኋቸው፤ ሁለቱም 1 ከሆኑ ይበራል። የተከለከለው ግቤት እዚያ ሕንፃ ላይ አሁን ስም አለው፤ ዘበኛው ሲደውል «ቀዩ በርቷል» ይለኛል፣ እኔም መሰላሉን ይዤ እሄዳለሁ።

ሌላ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ምክንያቱም በእኛ ከተማ በየጊዜው የሚያጋጥም ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ S እና R ሁለቱም 0 ከሆኑ ላቹ የሚያስታውሰው ምንም የለውም፤ ሁለቱ ውጤቶች ከዜሮ ቮልት አብረው ይነሡና ልክ ከተከለከለው ግቤት እንደተለቀቁ ይሽቀዳደማሉ። ለዚህ መድኃኒቱ 5 ቮልቱ ሲመጣ R ን ለጥቂት ሚሊ ሰከንድ 1 አድርጎ የሚያቆይ ካፓሲተርና ሬዚስተር ነው። በብሬድቦርድዎ ላይ ሁለቱንም ቁልፎች ሳይነኩ ኃይሉን ብቻ ደጋግመው ያጥፉና ያብሩ፤ የሚበራው አሁንም Q ከሆነ ያ ቺፕ በዚህም በኩል የሚያዳላ ነው ማለት ነው፤ በእሱ ተማምነው ግን R ን ሳያስገቡ እንዳይቀሩ።